ለአዲስ ፀጉር ቤት የመክፈቻ ሳምንት ቅናሽ፦ ከአራቱ የትኛው ያዋጣል?

አንዲት ልጅ በቅርቡ ደወለችልኝ። ለገሃር አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው። ቤቱ ተቀብቷል፣ መስታወቱ ተሰቅሏል፣ ካስኮቹ ገብተዋል።

"የመክፈቻውን ፖስቶች ሥሪልኝ" አለችኝ።

"ምን ቅናሽ አሰብሽ?"

"ሁሉም ነገር ላይ ሃምሳ ፐርሰንት።"

"ለምን?"

"ሁሉም እንደዛ አይደል የሚያደርገው?"

እኔ ስድስት ዓመት ፀጉር ቤት ነበረኝ። አሁን ለሌሎች ፀጉር ቤቶች የቴሌግራምና የቲክቶክ ፖስት እሠራለሁ። የራሴ ቤት ሲከፈት እኔም ግማሽ ዋጋ ብዬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሰው እስከ ደረጃው ድረስ ተሰለፈ። ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ካስክ ውስጥ 45 ደቂቃ መቆየት ያለባት ሴት በ25 ደቂቃ ወጣች፣ ምክንያቱም ከኋላዋ አምስት ሰው ይጠብቃል። ሥሩ ሳይደርቅ ፔስትራ ተደረገላት። እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ ሲያርፍ "ጭስስ" የሚል ድምፅ አለ፣ እንፋሎት ይወጣል። ያ ድምፅ ፀጉሩ እየተጎዳ ነው ማለት ነው። የዚያን ቀን ደጋግሜ ሰማሁት። ከነዚያ ሴቶች ብዙዎቹን ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ስለዚህ ፖስት ከመጻፋችን በፊት ቅናሹን መምረጥ አለብን። ፖስቶቹ ምን እንደሚሉ፣ በየትኛው ቀን እንደሚወጡ፣ ኮሜንት ላይ ምን ጥያቄ እንደሚመጣ የሚወስነው ቅናሹ ነው። አዲስ አበባ መሃል ላይ ፀጉር ቤት የሚከፍቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ከአራት ዓይነት ነው፦ ሁሉም ላይ ግማሽ ዋጋ፣ ነፃ ጭማሪ አገልግሎት፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያገለግል ኩፖን፣ እና "ሁለት ሆናችሁ ኑ"።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

እኔ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ከአንድ ሰው ላይ እጃችን ላይ ስንት ብር ይቀራል? ሻምፑና ትሪትመንት ብቻ አይደለም ወጪው። የሠራተኛዋ ድርሻም አለ።

ሁለተኛ፣ ሰው የሚያመጣልን በየትኛው ሰዓት ነው? ቅዳሜ ራሱ ይሞላል። ችግራችን ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፣ ያቺ ሴት ተመልሳ የምትመጣበት ምክንያት ይሰጣታል ወይ?

አራተኛ፣ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ይገባል ወይ? ካሸር ላይ "እንደዚህ አልነበረም ያላችሁት" የሚያስብል ቅናሽ ገና ሲጀመር ስም ያበላሻል።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን የቤቱን አቅም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ከልጅቷ ጋር የቆጠርኩት እንዲህ ነው።

ቤቷ አራት ሠራተኛ፣ አንድ መታጠቢያና ሁለት ካስክ አለው። ዋናው ሥራዋ ታጥቦ፣ በቢጎዲን ተጠቅልሎ፣ ካስክ ገብቶ፣ በፔስትራ መጨረስ ነው። መታጠብ 15 ደቂቃ፣ ቢጎዲን 25፣ ካስክ 45፣ ፔስትራ 20። በድምሩ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ። የሚያንቀው ቦታ ካስኩ ነው። መግባት፣ መውጣትና መቀዝቀዙ ሲደመር አንድ ካስክ በሰዓት አንድ ሰው ያስተናግዳል።

ቤቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል። የመጀመሪያዋ ሴት ታጥባና ተጠቅልላ ካስክ የምትገባው 3 ሰዓት ገደማ ነው። የመጨረሻዋ ደግሞ ፔስትራ ስለሚቀራት 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለባት። ስምንት ሰዓት፣ ሁለት ካስክ፣ 16 ሰው። አሥር ሺህ ሰው ፖስቱን ቢያየውም በቀን ከ16 በላይ በወጉ ማስተናገድ አይቻልም።

ዋጋዋ 500 ብር ነው። ለሻምፑ፣ ለኮንዲሽነር፣ ለቅባትና ለመሳሰለው በሰው 70 ብር ያዘች። ሠራተኞቿ በፐርሰንት ነው የሚሠሩት፣ ድርሻቸው ሠላሳ ከመቶ፣ ማለትም 150 ብር። በሙሉ ዋጋ ከአንድ ሰው 280 ብር ይቀራታል። ኪራይና መብራት የሚከፈለው ከዚህ ነው። የእናንተ ቁጥር ይለያል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው። ወረቀት አውጡና በራሳችሁ ዋጋ ሥሩት።

አንድ፦ ሁሉም ነገር ላይ ግማሽ ዋጋ

ለመናገር ከሁሉም ይቀላል። "ሃምሳ ፐርሰንት" የሚለው ቃል ማብራሪያ አይፈልግም፣ ቲክቶክ ላይም ቶሎ ይሄዳል። በአራተኛው መለኪያ አንደኛ ነው።

ወደ ብሩ እንምጣ። ከአንድ ሰው 250 ብር ይገባል። ዕቃው 70 ነው፣ እሱ አይቀንስም። ቀሪው ጥያቄ የሠራተኛዋ ድርሻ ነው፦ ከ500ው ይታሰብ ወይስ ከ250ው? ከ500ው ከታሰበ 150 ትወስዳለች፣ ለቤቱ 30 ብር ይቀራል። ቀኑን ሙሉ 16 ሰው ቢመጣ 480 ብር ማለት ነው። ከ250ው ከታሰበ ደግሞ ድርሻዋ 75 ብር ይሆናል። ያው ሥራ፣ ያው ድካም፣ ግማሽ ክፍያ። በመክፈቻ ሳምንት ሠራተኛ ፊቷን አጥቁራ ስትሠራ ደንበኛ ያየዋል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሳይነጋገሩ ፖስት ያወጡና ማክሰኞ ማታ ክርክር ይጀምራል። የትኛውንም ቅናሽ ብትመርጡ የሠራተኛው ድርሻ ከሙሉ ዋጋ ይታሰብ ባይ ነኝ። ቅናሹን የወሰነው ባለቤቱ ነው፣ የሚሸከመውም እሱ መሆን አለበት።

ሌላው ችግር ዋጋው ነው። መጀመሪያ 250 የከፈለች ሴት 250ን ነው የምታስታውሰው። በሁለተኛው ሳምንት 500 ስትባል "ጨመራችሁ" ትላለች። እኛ ያልጨመርነውን ጭማሪ ነው የምንጠየቀው።

"ሁሉም ነገር ላይ" የሚለውም አደጋ አለው። ሹሩባ ላይ ዕቃው ትንሽ ነው፣ ዋጋው በሙሉ ጉልበት ነው። በአርቴፊሻል የሚሠራ ቀጭን ሹሩባ አንድ ወንበርና አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ለሰዓታት ይይዛል። ግማሽ ዋጋ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ደግሞ እሱ ነው።

ቀለምና ሪላክሰር ከዚህም ይብሳሉ። የፀጉር ቀለም አምራቾች ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት ቆዳ ላይ በትንሹ እንዲሞከር ያሳስባሉ። ቅናሽ አይታ ዛሬ ለመጣች፣ ከዚህ በፊት ምን እንደተቀባች ለማናውቃት ሴት ያ ጊዜ የለም። ሪላክሰርም ሹሩባ ገና በፈታ ወይም በማበጠሪያ በተቧጨረ ራስ ላይ ከገባ ያቃጥላል። ሰልፍ ባለበት ቀን "ራስሽን አሳይኝ፣ መቼ ነው የፈታሽው?" ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። በየትኛውም የመክፈቻ ቅናሽ ውስጥ ኬሚካል አታስገቡ።

ሁለት፦ ነፃ ጭማሪ

"ታጥባችሁ ፔስትራ ስትሠሩ ትሪትመንት በነፃ።" ዋጋው 500 ሆኖ ይቀጥላል። ጭማሪው ለቤቱ ምን ያህል ነው? የልጅቷ ትሪትመንት በሰው 60 ብር ዕቃ ይፈልጋል። ለሠራተኛዋ 20 ብር ጨመርንላት። ስለዚህ ከ280ው 80 ተቀንሶ 200 ብር ይቀራል። ለደንበኛዋ ግን ብቻውን ቢሠራ 250 ብር የሚከፈልበት አገልግሎት ነው። እኛ 80 አውጥተን እሷ 250 ታገኛለች።

ከግማሽ ዋጋ ጋር እናወዳድረው። በዚህ መንገድ በቀን 10 ሰው ብቻ ቢመጣ 2,000 ብር ይቀራል። በግማሽ ዋጋ ያንኑ 2,000 ለማግኘት በቀን 67 ሰው ያስፈልጋል። ቤቱ የሚችለው 16 ነው። የሠራተኛዋን ድርሻ ከ250ው ብናስብ እንኳ 16 ሰው የሚያስቀረው 1,680 ብር ነው። ልጅቷ ይህን ስታይ ዝም አለች፣ ከዚያ ካልኩሌተሩን ተቀብላ ራሷ ደገመችው።

ጭማሪው የሚመረጥበት መንገድ ግን አለ። የሚያንቀውን ቦታ መያዝ የለበትም። ካስክ ውስጥ የሚገባ ትሪትመንት ከመረጥን በሰዓት አንድ ሰው የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል፣ 16ቱ 10 ወይም 11 ይሆናሉ። እኛ የመረጥነው ከታጠበ በኋላ ተቀብቶ፣ በላስቲክ ኮፍያ ተሸፍኖ፣ ወንበር ላይ 15 ደቂቃ የሚቆየውን ነው። ካስኩን አይነካም። መታጠቢያው ላይ ለማለቅለቅ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ እሱ ይቻላል።

ድክመቱ ፖስቱ ላይ ነው። "ትሪትመንት በነፃ" የሚለው እንደ "ሃምሳ ፐርሰንት" አይጮህም። ምን እንደሆነ ማሳየት ይፈልጋል። ለዚህ ጥሩው አንድ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ነው፦ ደረቅ ጫፍ፣ ሲቀባ፣ ሲታጠብ፣ በመጨረሻ ማበጠሪያ ሳይያዝ ሲያልፍ። ፊልተር አትጠቀሙ። በፊልተር ያማረ ፀጉር አይታ የመጣች ሴት መስታወት ፊት ስትቀመጥ ታወዳድራለች።

ሦስት፦ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያገለግል ኩፖን

ዛሬ ሙሉ ዋጋ፣ በ30 ቀን ውስጥ ስትመለሺ ሠላሳ ፐርሰንት ቅናሽ። ዛሬ 280 ብር ይቀራል። ስትመለስ 350 ትከፍላለች፣ ከዚያ ላይ 130 ይቀራል። ካልተመለሰች ያጣነው ነገር የለም። በሦስተኛው መለኪያ፣ ማለትም መልሶ በማምጣት፣ የሚስተካከለው የለም።

የጊዜ ገደቡ ከሥራው ጋር መሄድ አለበት። ለፔስትራ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፣ 30 ቀን በቂ ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ግን ከአንድ ወር በላይ ልትቆይበት ትችላለች። ለእሷ 30 ቀን መስጠት ምንም እንዳልሰጡ ነው፣ ሳትፈታው ያልፍባታል። ለሹሩባ 60 ቀን ይሁን።

የበዓል ሳምንትም ይታሰብበት። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ያሉት ቀናት ያለ ቅናሽ ይሞላሉ። ኩፖኑ እዚያ ውስጥ ካለቀ በጣም ውድ የሆነውን ሰዓታችንን በቅናሽ እንሸጣለን። "ከበዓል በፊት ባሉት አምስት ቀናት አያገለግልም" የሚለው ኩፖኑ ላይ ይጻፍ። ሳይጻፍ ቀርቶ በቃል መከልከል ጠብ ነው።

ብቻውን ግን ለመክፈቻ ደካማ ነው። ገና ያላየችን ሴት በሩን እንድትገፋ ዛሬ አንድ ነገር ትፈልጋለች። "ሌላ ጊዜ እንቀንስልሻለን" የሚል ፖስት አያስነሳትም።

አራት፦ ሁለት ሆናችሁ ኑ

ሁለት ሴቶች አብረው ሲመጡ ለእያንዳንዳቸው ሃያ አምስት ፐርሰንት። እያንዳንዷ 375 ትከፍላለች፣ ከአንዷ 155 ይቀራል። አዲስ ሰው የምታመጣው ራሷ ደንበኛዋ ስለሆነች ለማስታወቂያ ሌላ ወጪ የለውም።

ግን ሁለቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚገቡት። ሁለት ካስክ ያለው ቤት በአንድ ጥንድ ይሞላል። መሃል ከተማ ላይ ደግሞ ጥንድ ሆነው የሚመጡት የቢሮ ጓደኛሞች ናቸው፣ እነሱ ያላቸው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ በምሳ ሰዓት አይገባም። ስለዚህ ይህን ቅናሽ ከፈለጋችሁ በካስክ ለሚሠራው ሳይሆን ታጥቦ በፎን ለሚደርቀው አድርጉት። 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ብሔራዊና ስታዲየም አካባቢ ላሉ ቤቶች ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ብትሉት ጥሩ ይሠራል።

አምስተኛ ዓይነትም አለ፣ "ሼር አድርጉ፣ ዕጣ እናወጣለን" የሚለው። ፎሎወር ያመጣል፣ ግን ከከተማ ውጭ ያለውንም ያመጣል፣ እሱ ደግሞ ወንበራችን ላይ አይቀመጥም። ለእንዲህ ዓይነት ዕጣ ፈቃድም ስለሚያስፈልግ አልፈዋለሁ።

| መለኪያ | ግማሽ ዋጋ | ነፃ ጭማሪ | የመመለሻ ኩፖን | ሁለት ሆናችሁ ኑ |
|---|---|---|---|---|
| ከአንድ ሰው የሚቀር (ሙሉ ዋጋ 280 ብር ሲሆን) | 30 ብር | 200 ብር | ዛሬ 280፣ ስትመለስ 130 | 155 ብር |
| ባዶ ሰዓት ይሞላል? | አይመርጥም፣ ቅዳሜን ያጨናንቃል | ቀን ከተወሰነለት አዎ | በከፊል | ለምሳ ሰዓት ከተወሰነ አዎ |
| መልሶ ያመጣል? | በጣም ደካማ | መካከለኛ | ከሁሉም የተሻለ | መካከለኛ |
| ለመናገር | በጣም ቀላል | ቪዲዮ ይፈልጋል | ጽሑፍ ይፈልጋል | ቀላል |
| ትልቁ አደጋ | የሥራ ጥራትና የዋጋ ትዝታ | ካስክ የሚይዝ ጭማሪ መምረጥ | ለመጀመሪያ ጊዜ አይስብም | በአንድ ጊዜ መጨናነቅ |

የትኛው ለማን?

እንደ ልጅቷ ሁለት ወይም ሦስት ካስክና በፐርሰንት የሚሠሩ ሠራተኞች ካሏችሁ፣ ነፃ ጭማሪውን ከሰኞ እስከ ሐሙስ አድርጉና ለመጣው ሁሉ የመመለሻ ኩፖን ስጡ። ሁለቱ አይጋጩም። አንዱ ዛሬ ያስገባታል፣ ሌላው ይመልሳታል። ዓርብና ቅዳሜ ሙሉ ዋጋ ይሁን፣ ኩፖኑ ግን ይሰጥ።

ገንዘቡ ለኪራይ ቅድሚያ ክፍያ አልቆ ለትሪትመንት ዕቃ የሚሆን ከሌለ፣ ኩፖኑን ብቻ ያዙ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይቀንሳል። ነገር ግን ዛሬ ከኪስ የሚወጣ የለም።

ቤታችሁ በብዛት ሹሩባ የሚሠራ ከሆነ ዋጋ አትቀንሱ። መታጠብና ቅባት በነፃ ጨምሩ። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ሰዓቱም አጭር ነው።

ግማሽ ዋጋ የሚያዋጣበት አንድ ሁኔታ ብቻ አውቃለሁ፦ ሠራተኞቹ አዲስ ሆነው ልምምድ ሲፈልጉና ፎቶ ለማንሳት ራስ ሲያስፈልግ። ያኔም በቀጠሮ፣ በቀን አምስት ሰው፣ አንድ አገልግሎት ላይ ብቻ። ይህንን ከመክፈቻው በፊት ባለው ሳምንት ለጓደኛና ለቤተሰብ ብታደርጉት ይሻላል። ያን ጊዜ የቧንቧው ግፊት ማነስ፣ ሁለት ካስክና ፎን አብረው ሲበሩ ቆጣሪው መዝለሉ፣ የፎጣው ማነስ ሁሉ ይታያል።

ፖስቶቹ እንዴት ይደርደሩ?

ለዚህ ምርጫ ስድስት ፖስት ይበቃል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፖስት ቅናሹን ይዞ ያወጣዋል። እኔ ቅናሹን ሦስተኛው ላይ ነው የማስገባው፣ ምክንያቱም ሰው የት እንደሆነና ማን እንደሚሠራ ሳያውቅ ዋጋ ቢሰማ ያልፈዋል።

የመጀመሪያው፣ ከመክፈቻው ሰባት ቀን በፊት፣ ቦታው ነው። መሃል አዲስ አበባ ላይ በጎዳና ስም የሚሄድ የለም፣ በምልክት ነው የምንሄደው። ምልክቱም መምታታት የለበትም። ልጅቷ "አንበሳው ጋር" ብላ ልትጽፍ ነበር። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንበሳ አለ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ብሔራዊ ቴአትር ጋርም ሌላ አንበሳ አለ። ግማሹ ሰው ወደዚያኛው ይሄድ ነበር። ስለዚህ ስልኳን ይዛ ከለገሃር ባቡር ፌርማታ ተነሥታ እስከ በሩ ድረስ እየሄደች ቀረጸችው፣ ደረጃውን ጨምሮ። አርባ ሰከንድ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ደረጃውን ካላሳየ ሰው ታች ቆሞ ይመለሳል።

ሁለተኛው፣ ከአራት ቀን በፊት፣ እጅ ነው። አንድ ሠራተኛ አንድ ራስ ላይ ስትሠራ። ሴትየዋን አስፈቅዱ፣ ፊቷ እንዳይታይ ከፈለገች ከኋላ ይቀረጽ። በዚህ ፖስት ላይ ዋጋ ይጠየቃል፣ ሁሌም "ስንት ነው?" ይመጣል። "በኢንቦክስ" ብላችሁ አትመልሱ። ሰው ዋጋ የሚደበቀው እንደ መልኩ ሊጠየቅ ነው ብሎ ያስባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ዝርዝር ፎቶ አንሥታችሁ ኮሜንት ውስጥ አስገቡት።

ሦስተኛው፣ ከሁለት ቀን በፊት፣ ቅናሹ ነው። ለልጅቷ የጻፍነው ይህ ነበር፦

> ሰኞ እንከፍታለን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ታጥባችሁ በካስክና በፔስትራ ስትሠሩ ትሪትመንት በነፃ። ዋጋው 500 ብር ነው፣ ጭማሪ የለውም። በቀን ለ14 ሰው ብቻ፣ በቀጠሮ። ቀለም፣ ሪላክሰርና ሹሩባ አይጨምርም። በመክፈቻው ሳምንት ለመጣ ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ የሚያገለግል የሠላሳ ፐርሰንት ኩፖን እንሰጣለን። ለቀጠሮ ስሟንና የምትመጣበትን ሰዓት በቴሌግራም የላከች ቦታዋ ይያዝላታል። 15 ደቂቃ ካለፈ ለቀጣይ ሰው ይሰጣል።

አቅሙ 16 ሆኖ 14 ያልነው ሁለቱ ቦታ ላልታሰበ ነገር እንዲቀር ነው። መብራት ግማሽ ሰዓት ቢሄድ ካስኩም ፔስትራውም ይቆማል፣ ቀጠሮው ሁሉ ይገፋል። ውሃም እንደዚያው። በአካባቢያችሁ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ መክፈቻውን ሮቶው በሚሞላበት ማግስት አድርጉት።

ቀን ስትጽፉ የቀኑን ስም አብራችሁ ጻፉ። "ከ8 እስከ 11" ብቻ ከተባለ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል። ከሰዓትም ጋር ያው ነገር ይገጥማል። ቴሌግራም ላይ `Schedule Message` ብላችሁ ፖስት ስታስቀምጡ ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት እንዲወጣ ከፈለጋችሁ 8:00 ላይ ነው የሚቀመጠው። 2:00 ላይ ያስቀመጠ ሰው ፖስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወጥቶበት አይቻለሁ።

አራተኛው የመክፈቻው ጠዋት ይወጣል፣ አጭር ነው፦ በሩ ክፍት ነው፣ ዛሬ የቀሩት ሰዓቶች እነዚህ ናቸው። አምስተኛው ረቡዕ ጠዋት ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው። የሐሙስ ባዶ ሰዓቶች ብቻ ይጻፋሉ፦ "ሐሙስ 4 ሰዓትና 8 ሰዓት ላይ ቦታ አለን።" ምሽት ላይ አልጋዋ ውስጥ ሆና የምታይ ሳይሆን ነገ ጠዋት ነፃ የሆነች ሴት ናት የምትመልሰው። ስድስተኛው ሐሙስ ማታ ይወጣል፦ ጭማሪው አልቋል፣ ከነገ ጀምሮ ዋጋው ይህ ነው፣ የኩፖኑ የመጨረሻ ቀን ይህ ነው። "በሕዝብ ጥያቄ አራዘምነው" አትበሉ። ሰኞ ሮጣ የመጣችው ሴት ታዝናለች፣ የሚቀጥለውን ገደባችሁንም የሚያምን አይኖርም።

ስድስቱንም ቴሌግራም ላይ አውጡ። ቲክቶክ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ፣ እዚያ ፖስት ከሳምንት በኋላም ሊታይ ስለሚችል ያለፈ ቅናሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ያመጣባችኋል።

ኩፖኑ ላይ ተራ ቁጥር ይኑረው። ካሸሯ ደብተር ላይ ቁጥሩን፣ የመጣችበትን ቀንና "ከየት ሰማሽን?" ለሚለው የሰጠችውን መልስ ትጻፍ። ጭማሪው በሰው 80 ብር አስወጥቶናል፣ ለአሥር ሰው 800። ከአሥሩ ሦስቱ በኩፖን ቢመለሱ 390 ይቀራል። እነዚያው ሦስቱ ደግመው በሙሉ ዋጋ ቢመጡ 840 ይጨመራል፣ ወጪው ተመልሶ ይተርፋል። በግማሽ ዋጋ ለአሥር ሰው የምንተወው 2,500 ብር ነው። እሱን ለመመለስ ዘጠኝ የሙሉ ዋጋ ጉብኝት ያስፈልግ ነበር።

ልጅቷ ኩፖኖቹን ከ1 እስከ 80 ቁጥር ሰጥታ አሳተመቻቸው። ደብተሩ ካሸሩ ጎን ተቀምጧል። ሠላሳኛው ቀን ሲያልፍ አብረን ልንቆጥረው ተነጋግረናል።